ለትዳር አማካሪያችን ምስጋና፦ አንዱ ሲሸሽ ሌላው ለሚከተልበት ቤት

ቦሌ አካባቢ የሚሠሩትን የትዳር አማካሪያችንን በአደባባይ ላመስግን። ስማቸው እንዲለጠፍ ስላልፈለጉ አልጻፍኩትም። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ስንጋጭ ባለቤቴ «አሁኑኑ እንነጋገር» ትላለች። እኔ ዝም እላለሁ። ዝም ስል ድምጿ ከፍ ይላል፤ ያኔ ከቤት እወጣለሁ። ስወጣ ስልኬ መጮኽ ይጀምራል። እሷ የናቅኳት ይመስላታል፤ እኔ ደግሞ የታነቅኩ ያህል ይሰማኛል።

አማካሪያችን የጀመሩት ከሕፃናት ነው። ሜሪ ኤንስወርዝ የተባለች ተመራማሪ፣ እናት ክፍሉን ለቃ ወጥታ ስትመለስ ልጆች ምን እንደሚያደርጉ አጥንታለች። ብዙዎቹ እናታቸው ስትመለስ ይረጋጋሉ። አንዳንዱ ታቅፎም ማልቀሱን አይተውም። አንዳንዱ ግን መሄዷንም መመለሷንም ያላየ ይመስላል። በኋላ የልብ ምት ሲለካ ታዲያ ያ ግድ የሌለው የሚመስለው ልጅም ልቡ በኃይል ይመታ ነበር። በፈረንጆቹ 1987 ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ የቁርኝት ዓይነት በአዋቂዎች ፍቅር ውስጥም እንደሚታይ ጻፉ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ዞር ብላ አየችኝ። ዝምታዬ ውስጥ ጭንቀት እንዳለ ያወቀችው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ለሁለታችንም ሥራ ሰጡን። እኔ መውጣት እችላለሁ፤ ግን የምመለስበትን ሰዓት ተናግሬ ነው። ሰውነት እንዲረጋጋ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። በዚያ ጊዜ መልስ እየደረደርኩ ከተብሰለሰልኩ ግን እረፍቱ አይቆጠርም። ስመለስ ወሬውን የምጀምረው ራሴ ነኝ። እሷ ደግሞ እስከዚያ ሰዓት አትደውልም፤ ስመለስም ከክስ ይልቅ አንድ ጥያቄ ታቀርባለች።

ለምሳሌ ለእህቷ ሰርግ በምናዋጣው ብር ተጋጨን። «ከብዶኛል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ስልኬ አልጮኸም። በሰዓቱ ገብቼ «የብሩን ነገር እንጨርስ» አልኳት። እሷም «አንተ ለቤተሰቤ ግድ የለህም» በማለት ፈንታ «ከማንም በፊት ምን ያህል እንደምንችል ለእኔ ንገረኝ» አለች። የምንችለውን ነገርኳት፤ በዚያው ተስማማን። ለእኔ ትልቁ ነገር ስልኩ አለመጮኹ ነበር። ለእሷ ደግሞ ሰዓቴን አክብሬ መግባቴ።

አንድ ማስጠንቀቂያም ሰጥተውናል። የመመለሻው ሰዓት እየተገፋ ለነገ ከተላለፈ፣ ያ እረፍት መሆኑ ቀርቶ የድሮው ሽሽት ነው። ይህን ሁሉ ከማስተማራቸው በፊትም እያንዳንዳችንን ለብቻ አስቀምጠው በቤታችን ዱላ ወይም ማስፈራራት እንዳለ ጠይቀውናል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ የሚቀድመው የተጎጂው ደህንነት ነው ይላሉ። እኔን በጣም ያሳመነኝ ይህ ጥንቃቄያቸው ነው።

ከሥራ ሰዓት በኋላም ይቀበላሉ። ሁለታችሁም አብራችሁ ብትሄዱ ይመርጣሉ፤ አንዳችሁ እምቢ ካላችሁ ግን ፈቃደኛውን ብቻውንም ያነጋግራሉ።