ዳክት ወይስ ጄት ፋን? ለቤዝመንት መኪና ማቆሚያ ገዝቼ ያየሁት

አያት አካባቢ ሕንፃ የሚያሠሩ ወዳጆቼ ለቤዝመንቱ አየር ማናፈሻ አየሩን በቱቦ የሚስብ የላሜራ ዳክት ይሻላል ወይስ ከጣሪያ ተሰቅሎ አየሩን የሚገፋ ጄት ፋን እያሉ ደጋግመው ይጠይቁኛል። መልሴ ዳክት ነው። ምክንያቱን የተማርኩት ጄት ፋን ገዝቼ ነው።

ቤዝመንታችን 1,200 ካሬ ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ስላለው 3,600 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ሁለቱ ተጫራቾች ባቀረቡት የዲዛይን መነሻ ሰነድ ላይ ግቡ አንድ ነበር፤ በአዘቦት ቀን አየሩ በሰዓት 6 ጊዜ፣ እሳት ሲነሳ 10 ጊዜ እንዲለወጥ። በሰከንድ ሲሰላ 6 እና 10 ሜትር ኩብ ይሆናል። ካርቦን ሞኖክሳይድም በ8 ሰዓት አማካይ ከ30 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ሁለቱም ጽፈዋል። ማስወጫ ፋኖቹም ያው ናቸው። ልዩነቱ በየጥጉ የሚቀረውን አየር ወደ ማስወጫው የሚያደርሰው ነገር ብቻ ነው።

ያታለለኝ ዋጋው ነው። የጄት ፋኑን ዋጋ 100 ብር ብንለው ዳክቱ 130 ብር ይመጣ ነበር። በርካሹ ሰነድ ላይ «ታሳቢዎች» ከሚለው ርዕስ ሥር ሁለት መስመር ነበር፤ ሳላመዛዝን ፈረምኩበት። የመጀመሪያው የአየር ጥግግት በሜትር ኩብ 1.2 ኪሎ ግራም ነው ይላል። ይህ የባሕር ጠረፍ አየር ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ 0.9 ገደማ ነው። ማስወጫ ፋን በሰከንድ የሚያወጣው ሜትር ኩብ በዚህ አይቀንስም። የጄት ፋን ግፊት ግን ከጥግግቱ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ 50 ኒውተን የተባለው እዚህ 37 ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው መስመር ጣሪያው ለጥ ያለ ነው ይላል፤ የእኛ ጣሪያ ግን 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች የወረዱ ቢሞች አሉት።

ከተገጠመ በኋላ ጥግ ላይ ዕጣን አጤስን። ጭሱ ከፋኑ ተወርውሮ ቢሙን ሲመታ ወደ ታች ታጠፈና መኪኖቹ መካከል ተኛ። ተጨማሪ ፋኖች ገዛን፤ በዚያው ስሌት 25 ብር ሄደ። በዓመቱ ከስምንቱ ሁለቱ ተቃጠሉ። ሲወርዱ መለያ ሰሌዳቸው በጥፍር የሚላጥ ወረቀት ሆኖ ተገኘ፤ 300 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ሰዓት ይችላል የተባለው እሱ ላይ ብቻ ነበር የተጻፈው። ሞተሮቹን አስጠቀለልን፤ ከሌላው ጥገና ጋር 18 ብር። በተራ ሽቦ የተጠቀለለ ሞተር ደግሞ እሳት ሲነሳ እንደማይከዳን የሚያረጋግጥልን የለም። ድምሩ 143 ሆነ።

ዳክት ከፍታ ይሻማል፤ ይህ እውነት ነው። ከቢሙ ሥር በሚቀረው 2.5 ሜትር ላይ 35 ሳንቲ ሜትር ቢወስድ 2.15 ሜትር ይቀራል። ስለዚህ መኪና በሚያልፍበት ሳይሆን በግድግዳው ጥግ፣ ከቆሙት መኪኖች ኋላ ይሂድ። ግማሹ መሳቢያ አፍ ከጣሪያው ሥር፣ ግማሹ ከወለሉ አጠገብ ይሁን። ሲቀደድ ላሜራ ሠሪው በግማሽ ቀን ይጠግነዋል። ጄት ፋንን የማልቃወመው ቢም የሌለው፣ ሰፊና ወጥ ጣሪያ ሲሆን ብቻ ነው።

ሰነዱ ላይ ጥግግቱን 1.2 ብለው ካገኛችሁት ስለ ዋጋ አትነጋገሩ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ አስልተው፣ ቢሞቹን በሥዕሉ ላይ አሳይተው እንዲያመጡ መልሱላቸው።