በረኪና ወይስ የኦክስጅን ዱቄት? ለጠቆረ የሴራሚክ ግራውት የትኛው ይሻላል

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን የምትኖር ጎረቤቴ ባለፈው ቅዳሜ ጠርታ የወጥ ቤቷን ወለል አሳየችኝ። ሴራሚኩ ያብረቀርቃል። በሴራሚኮቹ መሃል ያለው ግራውት ግን ከምድጃው ፊት ለፊት ጠቁሯል፣ በሩ አጠገብ ቡናማ ሆኗል፣ ቅመም የምታዘጋጅበት ጥግ ደግሞ ቢጫ መስሏል። ሲሠራ ነጭ ነበር።

«አቦ፣ ሁለት ጠርሙስ በረኪና ጨረስኩበት» አለችኝ። «ትንሽ ፈዘዝ ይላል፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ይጠቁራል።»

የሚገርመው፣ እዚያው ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ያው በረኪና የሻወሩን ጥግ በአንድ ቀን አንጥቶታል። አንዱ ጋ የሠራ ዕቃ ሌላው ጋ ለምን እምቢ አለ? ምን እንደምትገዙ የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ብዙ ቤት ውስጥ በሴራሚክ መሃል የሚሞላው ሲሚንቶ ያለበት ግራውት ወይም ነጭ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ደግሞ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፣ ፈሳሽ ይመጥጣል። ከሴራሚኩም ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ወለሉን ስንወለውል ቆሻሻው ውሃ ሄዶ እዚያ ይተኛል። ውሃው ይተናል፣ ዘይቱና አቧራው ይቀራል። የድሬ ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል፤ ወልውላችሁ ዞር ሳትሉ ወለሉ ደርቋል።

በረኪና ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

በረኪና ውሃ ውስጥ የሟሟ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ሁለት ነገር ላይ ጎበዝ ነው። ሻጋታን ይገድላል፣ ቀለምን ያጠፋል። የሻወር ጥግ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ ስለሆነ በረኪና ሲነካው ይነጣል።

ቅባትን ከሲሚንቶው ቀዳዳ ነቅሎ በማውጣት ግን ደካማ ነው። ከላይ ያለውን ቀለም ያፈዝዘዋል፣ ዘይቱ ግን እዚያው ይቀራል። የቀረው ዘይት አዲስ አቧራ ይይዛል። የጎረቤቴ ወለል በሁለት ሳምንት ተመልሶ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ቆሻሻ ራሱ የበረኪናን ኃይል ይበላል። ሳይታጠብ ወለል ላይ የተደፋ በረኪና ጉልበቱን የሚጨርሰው ከላይ ባለው ጭቅቅት ላይ ነው።

ሌላው ነገር የእኛን ከተማ በተለይ ይመለከታል። በረኪና ሙቀትና ፀሐይ አይወድም። ሳይከፈትም ቢሆን ቀስ በቀስ ይደክማል፣ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ሽታ ይኑረው እንጂ ጉልበቱ ላይኖረው ይችላል። ስትገዙ የተመረተበትን ቀን እዩ፣ ከውስጥ መደርደሪያ አውጥተው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፣ ብርሃን የማያሳልፍ ዕቃ ምረጡ። ትልቅ ጀሪካን ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ ማስቀመጥ እዚህ አያዋጣም።

የኦክስጅን ዱቄትስ?

ይህ ሱፐርማርኬት ውስጥ ለልብስ እድፍ ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጠው ነጭ ዱቄት ነው። ፊት ለፊቱ «ኦክስጅን» ስለተጻፈ ብቻ አትግዙት። ጀርባውን አዙራችሁ ሶዲየም ፐርካርቦኔት የሚል ፈልጉ፤ ከዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ከሆነ መጠኑ ጥሩ ነው። በፈሳሽ መልክ የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው፤ ለዚህ ሥራ ዱቄቱን እመርጣለሁ።

ዱቄቱ ውሃ ሲነካው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፣ እሱ ቀለም ያጠፋል። ሌላው ሶዲየም ካርቦኔት የሚባለው ሶዳ ነው፣ ይህ ቅባትን ያላቅቃል። በረኪና የሚጎድለው ይህ ሁለተኛው ሥራ ነው። ሲሟሟ የሚታየው ጥቃቅን አረፋም ቀዳዳ ውስጥ የተቀመጠውን ጭቅቅት ወደ ላይ ይገፋል። የሚያፍን ሽታ የለውም፣ ስለዚህ መስኮቱ ጠባብ የሆነ ወጥ ቤት ውስጥ ለመሥራት ይመቻል።

ድካሙ ጊዜና ሙቅ ውሃ መፈለጉ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ይንቀራፈፋል። ከተበጠበጠ በኋላም የሚሠራው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፣ ለነገ አይቀመጥም። የተረፈውን ጠርሙስ ውስጥ ከድናችሁ አታስቀምጡ። የሚወጣው ጋዝ ጠርሙሱን ይነፋዋል፣ ሊያፈነዳውም ይችላል።

በዋጋ በረኪና በብዙ ይረክሳል፣ የትም ሱቅ ይገኛል። ዱቄቱን ከዚራ ያሉ ሱፐርማርኬቶች ወይም ታይዋን ገበያ ፈልጉት። ለአንድ ወጥ ቤት ግን ትንሹ ዕቃ ይበቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩ

ከማይታይ ቦታ አንድ የቆሸሸ መስመር ምረጡ። ጓንት አድርጉና በረኪና ሦስት ጠብታ ጣሉበት። አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ በውሃ እጠቡ። በደንብ ከነጣ እድፉ ሻጋታ ወይም እንደ ቡናና ሻይ ያለ የሚጠፋ ቀለም ነው። ካልነጣ ወይም ትንሽ ብቻ ከፈዘዘ ሌላ መስመር ላይ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጋችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። አረፋው ግራጫ ሆኖ ከመጣ ቅባትና አቧራ ነው፣ ዱቄቱን ግዙ።

ግራውቱ ባለቀለም ከሆነ ሙከራው ግዴታ ነው። በረኪና የግራውቱን የራሱን ቀለም ሊያጠፋ ይችላል፣ የጠፋ ቀለም ደግሞ አይመለስም።

የጎረቤቴ ወጥ ቤት

ምድጃው ፊት ያለው መስመር በበረኪናው ጠብታ ትንሽ ፈዘዘ እንጂ አልነጣም። የሳሙናው አረፋ ግን ወዲያው ግራጫ ሆነ። ዱቄቱን ገዛን።

መጀመሪያ ወለሉን ጠርገን በፈሳሽ ሳሙና አጠብነው። የሞከርንበትን በረኪናም ጨርሰን አለቀለቅን፤ በረኪናና ፐርኦክሳይድ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋልና። ከዚያ በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በጠበጥን። ውሃው እጅ የሚያቃጥል ግን የማይፈላ ነበር። ወለሉን በአንዴ አላዳረስነውም፣ አንድ ካሬ ሜትር ያህል እየያዝን ሄድን። ውህዱን መስመሩ ላይ እንዲቆም አድርገን አፈሰስን።

ድሬ ላይ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ውህዱ ሃያ ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፣ ሙቀቱ ግን ቶሎ ያደርቀዋል። ፌስታል ቀድደን ዘርግተን ሸፈንነው። ከሥሩ አረፋው ሲንቀሳቀስ ይታያል። ሃያ አምስት ደቂቃ ላይ ፌስታሉን አንስተን በብሩሽ ፈተግን። የሽቦ ብሩሽ አትጠቀሙ፣ ግራውቱን ይቦረቡረዋል። የወጣው ውሃ የሻይ ቀለም ነበረው። ሳይደርቅ በጨርቅ መጥጠን አነሳነው። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ያወጣውን ቆሻሻ መልሶ ያጠጣዋል።

ቅመም ቤቱ ጥግ ስንደርስ ጎረቤቴ ደነገጠች። ቢጫው መስመር ውህዱ ሲነካው ቀይ ሆነ። እርድ ነው። የእርድ ቀለም ሶዳና ሳሙና ሲያገኘው ወደ ቀይ ይለወጣል፤ እድፉ ባሰ ማለት አይደለም። ሁለተኛ ዙር ሙቅ ውህድ ጨመርንበትና ፈዘዘ። የቀረውን ጥላ በተከፈተው በር የገባው የከሰዓት ፀሐይ በቀናት ውስጥ ጨረሰው፣ እርድ ብርሃን አይችልም።

ሲያልቅ በንጹሕ ውሃ ሁለቴ አለቀለቅን፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ወለወልን። መወልወሉን አትተዉት። የድሬ ውሃ ጨው ይበዛበታል፣ የጀበናችንንና የማፍያችንን ውስጥ ማየት ይበቃል። በዱቄቱ ያለው ሶዳ ውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ ነጭ ብናኝ ይሆናል። ውሃው በራሱ እንዲደርቅ ከተተወ ሴራሚኩ ላይ ነጭ ጭጋግ ይቀራል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ዱቄቱ ወለሉን ያበላሸ ይመስላቸዋል።

በሚቀጥለው ቀን ነው የፈረድነው። እርጥብ ግራውት ሁልጊዜ ጠቆር ብሎ ይታያል። ሲደርቅ ምድጃው ፊት ያለው ግራጫ የነካው ነጭ ሆነ፣ ሌላው እንደ አዲስ ነው።

ለሻወር ጥግ

እዚህ ምርጫዬ በረኪና ነው። ቦታውን በሳሙና አጥባችሁ አለቅልቁ። አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፤ ሙቅ ውሃ ያበላሸዋል። ሶፍት ጠቅልላችሁ ውህዱ ውስጥ ንከሩና ጥጉ ላይ አስተኙት፣ እንዳይደርቅ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። መስኮትና በር ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ አሮጌ ልብስ ልበሱ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም አታገናኙ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃም ሆነ ሽንት ካለበት ወለል ጋር እንዲሁ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፣ ቀድማችሁ በብዙ ውሃ እጠቡ። ጉሮሯችሁን ከከረከራችሁ ሥራውን ልጨርስ አትበሉ። ወዲያው ውጡ።

የውሃ ጨው ለማስለቀቅ ኮምጣጤ ግራውት ላይ የሚያፈሱ አሉ። አረፋ ያወጣል፣ ስለዚህ የሠራ ይመስላል። ያ አረፋ ግን ጨዉ ብቻ ሳይሆን ግራውቱ ራሱም እየተበላ ሊሆን እንደሚችል ነው የሚያሳየው።

ጎረቤቴ ቤት ሁለቱም ያቃታቸው አንድ ቦታ ቀርቷል። ፍሪጁ እግር ሥር ብርቱካንማ የሆነ መስመር ነው፣ ዝገት። በረኪና ዝገትን ይባስ ያጠብቀዋል፣ የኦክስጅን ዱቄቱም አያነሳውም። እዚያ ያለው ግራውት በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። ሴራሚክ ሠሪው መጥቶ ያን አንድ ክንድ መስመር ፍቆ በአዲስ ሊሞላው ነው፣ የፍሪጁ እግር ሥርም ጎማ ይገባል።