«እምቢ» ብላ ከብቶቻችንን ላተረፈችልን ዶክተር

ሰላም፣ ባሕር ዳር ዙሪያ የወተት ላም የምታረቡ ሁሉ። ይህ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። በዘጌ መስመር ባለው ቀበሌያችን የእንስሳት ጤና ኬላ የምትሠራ አንዲት ወጣት ባለሙያ አለች። ስሟን ሳላስፈቅዳት አልጽፍም። ኬላው ሄዳችሁ «ዶክተሯ የታለች?» ብትሉ ግን ማንም ያሳያችኋል። የማመሰግናት ስለወጋችልን መርፌ ብቻ አይደለም። ትልቁ ውለታዋ አልወጋም፣ አልፈርምም፣ ከዚህ ግቢ ከብት አይወጣም ያለችበት ነው። ያኔ ግማሹ ሰፈር አኩርፏት ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ነው ነገሩ የጀመረው። ዝንብና ትንኝ የሚፈላበት ጊዜ ነው። ቡሬ የምንላት ዲቃላ ላማችን ወተቷ ድንገት አሽቆለቆለ። ዓይኗ ያነባል፣ አፍንጫዋ ይዝረበረባል፣ ግርግሙ ላይ የተጣለላትን ሣር አሽትታ ትተወዋለች። ቆዳዋ ላይ ግን ምንም የለም። እኛ ጉንፋን ነገር መስሎን ነበር። ዶክተሯ መጥታ መጀመሪያ ቴርሞሜትር አስገባች። 41 ዲግሪ። የጤነኛ ላም ሙቀት 38.5 ገደማ ነው። ከዚያ ከትከሻዋ ፊት ለፊት፣ አንገቷ ሥር ያለውን ንፍፊት ዳበሰች። እኔንም አስዳበሰችኝ። አብጦ ከቆዳው ሥር ገፍቶ ወጥቷል። የኋላ እግሯ ፊት፣ ሽንጧ ጋ ያለውም እንደዚያው። «ጉርብርብ እየመጣ ነው፤ ዛሬውኑ ለብቻዋ እሰሯት» አለች።

እውነትም ብዙ ሳይቆይ አንገቷ፣ ጎኗ፣ ጡቷና ጭራዋ ሥር ጠንካራ ክብ ክብ እባጭ ወጣ። የቆዳ ጉርብርብ በሽታ ይሉታል፤ ሐኪሞቹ ባጭሩ ኤልኤስዲ ነው የሚሉት። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1983 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጣና ሐይቅ አካባቢ ነው። እባጩን ከሌላ ነገር እንዴት እንደምትለይም አሳየችን። በጣትና በአውራ ጣት ቆንጠጥ አድርጋ ትይዘዋለች። መዥገር ወይም ዝንብ የነከሰው ቦታ ከላይ ከላይ ነው፣ ቶሎም ይጠፋል። ይኼኛው ግን የቆዳውን ውፍረት በሙሉ የያዘ ነው፣ አንዳንዴም ከሥሩ ያለው ሥጋ ድረስ ይገባል። ከግማሽ ሴንቲሜትር ጀምሮ እስከ አምስት ሴንቲሜትር ይደርሳል። ሲቆይ መሐሉ ይሞትና ዙሪያውን ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ተነቅሎ ይወድቅና ጉድጓድ ቁስል ይተዋል። ቆዳው ለፋብሪካ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው «እምቢ» የመጣው እዚህ ላይ ነው። እኛ ያልነው አንድ ነገር ነው፤ «የጉርብርብ ክትባት አለ አይደል? ውጊያትና ትዳን።» አልወጋም አለች። ክትባት ገና ያልታመመን ከብት ለማዘጋጀት ነው፣ የታመመችን አያድንም አለችን። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒትም የለም። ለቡሬ ያደረገችላት ትኩሳቱንና ሕመሙን የሚያስታግስ መርፌ ነው፤ ቁስሉ ማመርቀዝ ሲጀምር ደግሞ አንቲባዮቲክ። በየቀኑ ቁስሉን አጥበን ዝንብ የሚያባርር ቅባት እንቀባ ነበር። ገበያ ላይ «ይቺን መርፌ ከወጋሃት እባጩ በሦስተኛው ቀን ይጠፋል» እያለ የሚሸጥ ሰው አለ። የገዙ ሰዎች አሉ። እባጩ አልጠፋም፣ ብራቸው ግን ጠፋ።

ሁለተኛው ከባድ ነበር። አጠገባችን ያሉት ጋሼ ለመሸጥ ያዘጋጇት ጊደር አለቻቸው። ገዢው ከሌላ ወረዳ ነው፣ ቀብድ ከፍሏል፣ የጤና ወረቀት ብቻ ነው የቀረው። ጊደሯ ደግሞ ያማረባት፣ አንድም እባጭ የሌላት።

«ልጄ፣ እይያት እስቲ፣ ምን ነካት? ሰውየው ነገ መኪና ይዞ ይመጣል» አሏት።

«ጋሼ፣ አያለሁ። ግን አልፈርምም» አለች።

ምክንያቷን ያስረዳችበት መንገድ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ቫይረሱ ገብቶ ምልክቱ እስኪወጣ እስከ 28 ቀን ሊቆይ ይችላል። ከዚያም በላይ ከተያዙት ከብቶች ብዙዎቹ ጭራሽ እባጭ ሳያወጡ ቫይረሱ ደማቸው ውስጥ ሊኖር ይችላል። የጋሼ ጊደርና የእኛ ቡሬ የሚለያቸው የእሾህ አጥር ነው፤ ዝንቡ ደግሞ አጥር አያውቅም። ዝንብ በራሷ ክንፍ ብዙ ርቀት አትሄድም። በሽታው ከወረዳ ወረዳ የሚዘለው በመኪና ተጭኖ ወይም በእግር ተነድቶ በሚሄድ ከብት ነው። ያቺ ጊደር ያን ቀን ብትጫን ኖሮ የሄደችበት ሰፈር መስከረም ላይ፣ ዝንቡ በሚበዛበት ሰዓት፣ ምን እንደሚጠብቀው አስቡት።

ስለ ዝንቡ ትንሽ ልበል፤ እኔም ከእሷ ነው የተማርኩት። ቤት ውስጥ የምናውቀው ዝንብ አይደለም። መልኩ ይመሳሰላል፣ ግን አፉ እንደ መርፌ ወደ ፊት የወጣ ነው፤ ደም ይመጥጣል። ንክሻው ስለሚያም ላሟ እግሯን ትመታለች፣ ጭራዋን ትወነጭፋለች። ዝንቡ ምሳውን ሳይጨርስ ይነሳና አጠገቧ ካለችው ላይ ያርፋል። ተንኮሉ ያለው እዚህ ነው። ቫይረሱ ዝንቡ ውስጥ መራባት አያስፈልገውም፤ አፉ ላይ ተለጥፎ ይሄዳል። እባጩና ቅርፊቱ ላይ ያለው ቫይረስ ደም ውስጥ ካለው እጅግ ይበልጣል፤ ዝንብ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ነው። ትንኝና መዥገርም ያስተላልፋሉ። ስለዚህ ቡሬን ከሌሎቹ አርቀን ብቻ አልተውናትም። እርጥብ ገለባና እበት የተቀላቀለበትን ጥግ ሁሉ በየሳምንቱ ጠርገን አወጣን፤ ዝንቡ እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ነው። የወደቀውን ቅርፊትም ሰብስበን አቃጠልን፤ ቫይረሱ በደረቀ ቅርፊት ውስጥ ከወር በላይ መቆየት ይችላል። ይህ ሁሉ ዝንቡን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ብቻውን በሽታውን እንደማያቆም እሷም አልደበቀችንም።

ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው ኮርማም ታገደ። ለብዙ ሰው ላም የሚያጠቃ ኮርማ ነው፤ ለባለቤቱ ዕለታዊ ገቢው ነው። እሷ ግን ቫይረሱ ከበሽታው በኋላም ለወራት የኮርማ ዘር ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ነግራው፣ ላም ይዞ መምጣትም ኮርማውን ይዞ መውጣትም ከለከለች። ሰውየው ለጊዜው ሊያናግራት አልፈለገም። አልፈርድበትም፤ የሚበላው ከዚያ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው መካሻ የሚሆን ነገር ቢኖር ክልከላው ሁሉ ይቀል ነበር፤ ይሄ ግን የእሷ ሥልጣን አይደለም።

አሁን ወደ ክትባቱ። የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው የሚያመርተው። በብልቃጥ ውስጥ የደረቀ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ በቀዘቀዘ ማሟሟቻ ይበጠበጣል። ውስጡ ያለው የተዳከመ ግን ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው። ሙቀትና ፀሐይ ካገኘው ይሞታል፤ ከተበጠበጠ ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ከብት የሚበቃ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ «ሁለት ላም አለኝ፣ ክተቢልኝ» ሲላት አትከፍትለትም። ሰው ይህን ስንፍና ይለዋል። እሷ የምትለው «ጎረቤቶችህን ሰብስብ፣ ቁጥሩን ንገረኝ፣ በረዶ ሳጥኑን ይዤ እመጣለሁ» ነው።

መጣችም። ገና በጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ። በሽታው ካልገባባቸው ጓሮዎች ጀምራ፣ የእኛን በረት መጨረሻ አደረገች። እያንዳንዱን ከብት ሙቀቱን ትለካለች፤ ትኩሳት ያለበትን ታልፋለች። ለሌላው 1 ሚሊ ሊትር ከቆዳ ሥር፣ አንገት ላይ። ለእያንዳንዱ ከብት መርፌ ትቀይራለች፤ መርፌውም እንደ ዝንቡ አፍ ቫይረስ ይዞ መሄድ ስለሚችል። አንዱ ወጣት ሊረዳት ብሎ ሲሪንጁን በአልኮል ሊያጥብ ሲል እጁን ያዘችው። አልኮሉ ክትባቱንም ይገድለዋል፤ ሲሪንጅ የሚቀቀለው በውኃ ነው። ሥራው ሲያልቅ ብልቃጡ ውስጥ የተረፈ ነበር። ጎረቤት ቀበሌ ያለ ዘመዴ «ነገ ለእኔ አድርጊልኝ» ብሎ ለመነ። አፈሰሰችው። እኔም ያኔ ቆጨኝ፣ አልዋሽም።

ሳትወጣ የሚመጣውን ነገረችን። የተወጋበት ቦታ ሊያብጥ ይችላል፣ ወተት ለጥቂት ቀን ዝቅ ሊል ይችላል፤ አትደንግጡ። መከላከያው ሰውነት ውስጥ እስኪገነባ ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሚወስድ እስከዚያ ከብት አታንቀሳቅሱ። ቀድሞ ቫይረሱ የገባበት ካለ ተከትቦም ሊያወጣ ይችላል። ክትባቱም መቶ በመቶ አይደለም። እንዳለችው እኛ በረት ውስጥ አንዷ ጊደር ከክትባቱ በኋላ ጥቂት እባጭ አወጣች፤ ቀለል ብሎላት አለፈ። ቀድማ ባትነግረን ኖሮ «ክትባቱ ነው ያሳመማት» ብለን ሰፈሩን እናሳምጽ ነበር።

ቡሬ ተርፋለች። አንዱ ጡቷ ግን ደርቋል፣ ወተቷም ወደ ድሮው አልተመለሰም። ይህ በሽታ ከሚገድለው ይልቅ የሚያከስረው ይበዛል፤ በተለይ የፈረንጅ ደም ያለባቸውን ላሞች ከሀበሻዎቹ ይልቅ ይጎዳል። ከእኛ ግቢ ማዶ ግን አልተሻገረም። የጋሼ ጊደር ጊዜዋን ጠብቃ፣ ተከትባ፣ ለዚያው ሰውዬ ተሸጠች። ጋሼ አሁን ዶክተሯን ቡና ሳያጠጡ አይሸኙም።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፦ በሽታው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በግና ፍየልንም አያሳምምም። ወተት ግን እንደማንኛውም ጊዜ አፍልታችሁ ጠጡ።

ልታገኟት የምትፈልጉ፣ ጉርብርብ ሰፈራችሁ እስኪገባ አትጠብቁ። ክረምቱ ሳይገባ፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው ጥሩው ጊዜ። ያረገዘችም ላም ትከተባለች። ጥጃ ካላችሁ ዕድሜውንና እናቱ ተከትባ እንደነበር ንገሯት፤ የተከተበች እናት ጥጃ የሚከተበው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሲሞላው ነው። በየቤቱ ያለውን የከብት ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ጠዋት ኬላው ድረስ ውሰዱላት። ማሰሪያ ገመድና የሚይዝላት ጎረምሳም አዘጋጁ፤ የመጣች ቀን ከብት ስታባርር ፀሐይ እንዳይበረታባት።