ላይክ ብቻ ሳይሆን መልእክት ላመጣችልን ልጅ ምስጋና

ለጫማ ሱቃችን የቴሌግራም ቻናል ጽሁፍ የምትሠራልን ልጅ አለች። ማን እንደሆነች የጠየቃችሁኝ ነጋዴዎች ብዙ ስለሆናችሁ እዚሁ ላመስግናት። እግዜር ይስጥልን!

ፖስታችን በልብና በእሳት ምልክት ይጥለቀለቃል፣ ስልኩ ግን ጭጭ ነበር። እሷ ስትመጣ ፎቶውንም ሆነ የላዩን ጽሁፍ አልነካችም። የነካችው መጨረሻውን ነው። «ለበለጠ መረጃ በውስጥ መስመር ያናግሩን፣ ይደውሉ፣ ላይክና ሼር ያድርጉ» ይል ነበር፣ ከሥሩ ሦስት ስልክ ቁጥር ተደርድሮ። «አራት ነገር ከጠየቃችሁት ሰው ቀላሏን አድርጎ ያልፋል፣ ላይኳን» አለችን።

ሁለተኛው ምክንያቷ ይበልጥ ገርሞኛል። «ያናግሩን» የተባለ ሰው ምን ብሎ እንደሚጀምር አያውቅም። ሰላምታ አቅርቦ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ከአቅሙ በላይ ቢሆንበት ምን ብሎ እንደሚወጣ ያሳፍረዋል። ስለዚህ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ቀረ፤ ዋጋው በግልጽ ይጻፋል። (ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክራለች፣ ተፎካካሪ ያየዋል ብላ።) አሁን የአንዱ ፖስት መጨረሻ እንዲህ ነው፦

«ዋጋው 2,800 ብር። 37፣ 38 እና 40 አለ። የእግርዎን ቁጥር ብቻ ይላኩልን፣ ያሉትን ቀለሞች ዛሬውኑ ፎቶ አንስተን እንልክልዎታለን።»

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ በሁለት አሃዝ ይመለሳል፣ የሚላክለትም ነገር ከወዲሁ ታውቋል። ከሥሩ የምታስቀምጠው ሊንክ ደግሞ በዚህ መልክ የተሠራ ነው፣ username በሚለው ቦታ የሱቁ አካውንት ስም ይገባል፦

```
https://t.me/username?text=38
```

ሰውየው ሲነካው ከሱቁ ጋር የሚያወራበት ገጽ ይከፈታል፣ 38 የሚለውም ተጽፎ ይጠብቀዋል። ቁጥሩ ካልሆነ አስተካክሎ መላክ ብቻ ነው። በርከት ያሉ ጫማዎች በአንድ ቀን ሲለጠፉ ከቁጥሩ ጎን የጫማውን መለያ ታስገባለች፤ የቱ ፖስት ስንት መልእክት እንዳመጣ የምንለየው በሱ ነው። ላይኩን መቁጠር ትተናል።

ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ ቁጥር የላከ ሁሉ አይገዛም። ቀለሙን አይቶ የሚጠፋ አለ። መልስ ከዘገየ ደግሞ ሥራዋ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ማታ የላከ ሰው ጠዋት ከሌላ ሱቅ ገዝቶ ታገኙታላችሁ። ለዚህም ነው ስልኩን የሚይዝ ሰው በሌለበት ሰዓት ፖስት የማትለቀው። 40 ቁጥር ካለቀም ወዲያው ጽሁፉን ታስተካክላለች፣ የሌለ ጫማ «አለ» ብሎ ሰው መጥራት አትወድም። ፎቶና ዲዛይን ግን አትሠራም፣ እሱን ከሌላ ፈልጉ።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ «ጽሁፍ» ብላችሁ የምትሸጡትን ዕቃ ላኩልኝ፣ ማታ ከሱቅ ስወጣ ቁጥሯን እልክላችኋለሁ።