ዙም፣ ሚት ወይስ ቲምስ? ቀረጻው የት ይቀመጣል፣ መቼስ ይጠፋል?

የኦንላይን ስብሰባ መተግበሪያ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውንና የምስሉን ጥራት ነው። ቀረጻው ስንት ቦታ እንደሚይዝ የሚጠይቅ ብዙም የለም። «ማከማቻዎ ሊሞላ ነው» የሚል ኢሜይል ሲመጣ ነው ሩጫው የሚጀመረው።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት የምታስተምር አንዲት መምህርት እንውሰድ። ትምህርቱን በሙሉ ትቀርጻለች። በአራት ሳምንት 24 ሰዓት ይሆናል።

በዙም እንጀምር። ነፃው አካውንት ክላውድ ላይ አይቀርጽም፤ የሚቀርጸው ኮምፒውተራችሁ ላይ ብቻ ነው። የሚከፈልበት ፕሮ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ቦታ ጥቂት ጊጋባይት ነው። መጠኑ እንደ ውሉ ስለሚለያይ የራሳችሁን አካውንት እዩ፤ እኔ ለስሌቱ 5 ጊጋባይት ልያዝ። ዙም ራሱ የሚሰጠው ግምት ቪዲዮ ላለው ቀረጻ በሰዓት 200 ሜጋባይት ገደማ ነው። 24 ሰዓት ሲባዛ 4.8 ጊጋባይት። የመምህርቷ ቦታ በአንድ ወር አለቀ ማለት ነው።

ይህም አንድ ዓይነት ቪዲዮ ብቻ ከተቀረጸ ነው። ዙም የተናጋሪውን እይታና የሁሉንም ተሳታፊ እይታ ለየብቻ ፋይል አድርጎ ማስቀመጥ ይችላል። ሁለቱም በርተው ከሆነ ወሩ እንደተጋመሰ ቦታው ይሞላል። ስለዚህ ተጨማሪ ቦታ ከመግዛታችሁ በፊት የቀረጻ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ የማትፈልጉትን እይታ አጥፉ። ድምፅ ብቻ የሚይዘውን ፋይል ግን ተዉት፤ ከቪዲዮው አንጻር ቀላል ነው፣ ለክለሳም ይበቃል።

ቲምስ ሌላ ጠባይ አለው። ቀረጻው የሚገባው ዋንድራይቭ ውስጥ ነው፤ የቻናል ስብሰባ ከሆነ ደግሞ ሼርፖይንት ውስጥ። ማይክሮሶፍት በሰዓት 400 ሜጋባይት ገደማ ይገምታል፣ ስለዚህ የመምህርቷ ወር 9.6 ጊጋባይት ይሆናል። ይሁን እንጂ በብዙዎቹ የቢዝነስ ጥቅሎች ለአንድ ሰው 1 ቴራባይት ስለሚሰጥ ቦታው ለዓመታት አያስጨንቅም። እዚህ የሚያስጨንቀው ቀኑ ነው። አስተዳዳሪው ካልቀየረው በቀር ቀረጻው በ120 ቀን ጊዜው ያልፍና ወደ መጣያ ይሄዳል። የፋይሉ ባለቤት ቀኑን ማራዘም ወይም ጭራሽ እንዳያልፍ ማድረግ ይችላል። መስከረም ላይ የተቀረጸ ትምህርት ለሰኔ ፈተና የሚፈለግ ከሆነ ይህን ዛሬውኑ አድርጉት። አውርዳችሁ ያስቀመጣችሁት ቅጂ ግን ይህ ቀን አይነካውም።

ጉግል ሚት ቀረጻውን የስብሰባው አዘጋጅ ድራይቭ ውስጥ ያስገባዋል። ቢዝነስ ስታርተር የሚባለው ርካሹ ጥቅል ቀረጻ የለውም፤ ብዙ ሰው ከከፈለ በኋላ ነው ይህን የሚያውቀው። ቢዝነስ ስታንዳርድ ቀረጻ አለው፣ ለአንድ ተጠቃሚም 2 ቴራባይት ይታሰባል። ቦታው ግን ከኢሜይልና ከሌሎች ፋይሎች ጋር የጋራ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ አዘጋጁ መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ አካውንቱ ከመዘጋቱ በፊት ፋይሎቹ ለሌላ ሰው ካልተላለፉ ቀረጻዎቹም አብረው ይሄዳሉ።

ሰው የሚሳሳተው መጣያው ላይ ነው። ዙም ላይ የተሰረዘ ቀረጻ 30 ቀን መጣያ ውስጥ ይቆያል፣ እዚያ ሳለም ከቦታችሁ ላይ አይቆጠርም። ጉግል ድራይቭም 30 ቀን ያቆያል፣ ግን መጣያው ራሱ ይቆጠራል። ዋንድራይቭም ቢሆን ይቆጥራል። «ሰረዝኩ፣ ቦታው ግን አልቀነሰም» የሚሉት ለዚህ ነው። መጣያውን ባዶ ማድረግ አለባችሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን መመለስ እንደምትችሉ እርግጠኛ አትሁኑ።

እኔ አንዴ የሁለት ሰዓት ሥልጠና ሌሊት አወረድኩ። ጠዋት ፋይሉ ስላለ ብቻ ክላውዱን ሰርዤ መጣያውንም አጸዳሁ። ስከፍተው 41ኛው ደቂቃ ላይ ቆመ። ለካ ኔትወርኩ መሀል ላይ ተቋርጦ ነበር። ጥፋቱ የራሴው ነው። አሁን ከመሰረዜ በፊት የፋይሉን መጠን ክላውዱ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያያለሁ፣ ከዚያ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ከፍቼ አያለሁ።

ምርጫዬን ልንገራችሁ። ተማሪዎቿ ትምህርቱን በወሩ ውስጥ አይተው የሚጨርሱላት መምህርት ዙም ይበቃታል። በ30 ቀን ራሱ እንዲሰርዝ ታድርግ፣ ለዓመቱ የሚያስፈልጓትን አራት አምስት ቀረጻዎች ብቻ ሃርድ ዲስክ ላይ ታውርድ። ለሰው የላከችው የክላውድ ሊንክ ቀረጻው ሲሰረዝ እንደማይሠራ ግን አስቀድማ ትንገራቸው። ዓመት ሙሉ ሳይነካ እንዲቀመጥ የሚፈልግ ቢሮ ሚትን ይውሰድ። ቲምስን ቀድማችሁ የምትከፍሉበት ከሆነ መቀየር አያስፈልግም፤ ለአስተዳዳሪያችሁ ደውላችሁ «120 ቀኑ እንዳለ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።