ኮምባይነር አከራዮች በሚልኩላችሁ የአየር ትንበያ ምስል ቀን አትቁረጡ

ይህን የምጽፈው በኢተያ፣ በአሰላና በአካባቢው ስንዴያችሁ ደርሶ የኮምባይነር ተራ ለምትጠብቁ ሁሉ ነው። ደላላው በመኸር ሰሞን ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ «ማሽኑ ተይዟል፣ ዛሬ ቀብድ ካልገባ ለሌላ ይሰጣል» ይላል። ዘንድሮ በዚህ ላይ ከስልኩ ላይ ያነሳውን የአየር ትንበያ ምስል ጨምሮበታል።

እሑድ ማታ በቴሌግራም የላከልኝ ምስል ሐሙስን፣ ዓርብንና ቅዳሜን ብቻ ያሳያል። የዝናቡ ዕድል ሐሙስ 20 በመቶ፣ ቀጥሎ ባሉት ሁለት ቀናት 10 በመቶ ሲሆን፣ ነፋሱ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ሰኞና ማክሰኞ እንዲታጨድልኝ ብጠይቀውም፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ሦስት ቀናት ይሻልዎታል፤ ዝናብም የለ፣ ነፋስም የለ፣ ስንዴዎ አይረግፍም አይጋሸብም» ብሎ አሳመነኝና ቀብዱን ተቀበለ።

ሰኞና ማክሰኞ ፀሐይ ሆነው አለፉ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጀምሮ እስከ ሌሊት ዘለቀ። ሐሙስ ማሽኑ ሲመጣ ማሳው ጭጋግ ለብሶ፣ ዛላው ውኃ ይዞ ነበር፤ እስከ ዓርብም አልደረቀም። ዝናብ የመታው ስንዴ የሚደርቀው ፀሐይና ለስለስ ያለ፣ የማያቋርጥ ነፋስ ሲያገኝ ነው፤ እንደ ጥቅም የተነገረኝ የነፋሱ ማነስ እርጥበቱን ማሳው ውስጥ ያቆየው ነገር ሆነ። ኦፕሬተሩ ግን «ነገ ሌላ ቀበሌ ነኝ» ብሎ እርጥቡን አጨደው። ፍሬው ከገለባው በደንብ ሳይለይ ወጣ፤ ነጋዴው ዘንድ ሲለካም እርጥበቱ 18 በመቶ ሆነ። ከ13 በመቶ ብዙ ያለፈ ስንዴ ተከዝኖ ስለሚሻግት ዋጋው ወዲያውኑ ተቆረጠብኝ።

ከዋጋው መቆረጥ በላይ ያንገበገበኝ ግን ቅዳሜ ዕለት ደላላው ቢሮ ውስጥ የሆነው ነው። ምስሉን ከፍቼ ሳሳየው፣ «እኔ የፈጠርኩት አይደለም፣ ይኸው» ብሎ ሙሉውን ከራሱ ስልክ አወጣ። ለመከራከር ያወጣው ማስረጃ እሱኑ አጋለጠው። ከላይ የተጻፈው የቦታ ስም አዳማ ነው። ትንበያው የታደሰበት ቀን ደግሞ ለእኔ ከመላኩ በፊት የነበረው ዓርብ ነው። ከሐሙስ በስተግራ ያሉት፣ ለእኔ ሲልክ የቆረጣቸው ቀናት እዚያው ተደርድረዋል፦ ሰኞ 0፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 70 በመቶ። የለመንኩት ሰኞና ማክሰኞ ከሁሉም የተሻሉ ቀናት እንደነበሩና ሐሙስ የሚመጣው ከዝናብ ማግስት እንደሆነ እያወቀ ነው ምስሉን የቆረጠው። ምክንያቱንም አጠገቡ የተቀመጠው ረዳቱ ሳይታወቀው ተናገረው፤ ማሽኑ እስከ ረቡዕ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር።

ይህን ስነግረው፣ ቀብድ ሲቀበል «እርስዎ» ይለኝ የነበረው ሰው፣ «አንተ ገበሬ አይደለህም እንዴ? ሰማይ ማየት ካልቻልክ እኔ ምን ላድርግህ? እኔ ማሽን እንጂ ፀሐይ አላከራይም» አለኝ። ረዳቱ ሳቀ። ልጁ ሊሆን የሚችል ወጣት በሽማግሌ ላይ እንዲህ እንዲስቅ የሚፈቅድ ሰው ከአሁን በኋላ ማሳዬን አይረግጥም።

አዳማ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ናት፤ የእኛ መሬት ከእሷ ብዙ መቶ ሜትሮች ከፍ ብሎ ጭላሎ ሥር ይገኛል። ለአዳማ የወጣ ቁጥር ስለ እኛ ደመና አይናገርም። 20 በመቶ ማለትም እንዲህ ከተተነበየባቸው አሥር ቀናት ውስጥ በሁለቱ ያህል ይዘንባል ማለት እንጂ አይዘንብም ማለት አይደለም፤ ምን ያህል እንደሚዘንብና በስንት ሰዓት እንደሚጀምርም ቁጥሩ ብቻውን አይገልጽም።

ስለዚህ ምስል ሲላክላችሁ የቦታውን ስም፣ ትንበያው የወጣበትን ቀንና ከሚታጨድላችሁ ቀን በፊት ያሉትን ሁለት ቀናት እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ቀብድ አትስጡ። የራሳችሁን ቀበሌ ትንበያ በራሳችሁ ወይም በልጆቻችሁ ስልክ ከፍታችሁ፣ ከአምስት ቀን በላይ የራቀውን ሳታምኑ፣ በየማታው እንደገና ተመልከቱ። በውሉም ላይ «የእህሉ እርጥበት ከ14 በመቶ በላይ ከሆነ አጨዳው ይተላለፋል፣ ቀብዱም አይቃጠልም» የሚል ሐረግ ይግባበት። እኔ ያልተመለሰልኝን ቀብድ ይዤ ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጃለሁ፤ በዚህ ሰሞን ተመሳሳይ ተቆርጦ የተላከ ምስል የደረሳችሁ ካላችሁ ምስሉን ሳታጠፉ ይዛችሁ ቅረቡ።