የአያቴ መቃብር ጽሑፍና ደብረ ማርቆስ ላይ ያስተረጎምኩት ወረቀት

ዘንድሮ ጎጃም የገባሁት ለአያቴ መቃብር ብዬ ነው። ውጭ አገር የተወለዱት ልጆቻችን አማርኛ አያነቡም። የመቃብሯን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አስተርጉመን ከፎቶው ጋር በአንድ ፍሬም ልንሰቅልላቸው ከእህቴ ጋር ተማክረን ነበር። እግረ መንገዴን ማን እንዴት እንዳገለገለኝ ልጻፍ፣ ለሌላውም ይጠቅማል።

መቃብሯ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ፣ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በሚስማር የተጻፈበት ነው። ቀትር ላይ ያነሣሁት ፎቶ አንድም ፊደል አልታየበትም። የድንጋይ ሽበት ስለወረሰው በቢላ ልፍቀው ስል የደብሩ ቄስ «ተይው ልጄ፣ ሽበቱ ሲነሣ ፊደሉም አብሮ ይነሣል» አሉኝ። ያመጣኝ ባለባጃጅ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቀኝ። ፀሐይዋ ጋደል ስትል የእያንዳንዱ ፊደል ጠርዝ ጥላ ጣለና ጽሑፉ ወጣ። ለዚህ ልጅ ትዕግሥት ከከፈልኩት በላይ ይገባዋል።

ፎቶውን ከተማ ወዳለ አንድ የትርጉም ቢሮ ወሰድኩት። በማግሥቱ ማኅተም ያለበት ጥሩ ወረቀት ሰጡኝ። ማታ ለእናቴ ደውዬ ሳነብላት «አያትሽ ጃንሆይ ሳይወርዱ ነው ያረፈችው» አለችኝ። ወረቀቱ ግን በፈረንጅ 1975 ይላል። ጃንሆይ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ 1974 መሆኑ ነው። አንዱ ልክ አይደለም።

ደብረ ኤልያስ ለቅኔ ትምህርት የታወቀ አገር ነውና እዚያ አንድ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ስልኬን ተቀብለው ፎቶውን አጎሉና ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። «ጥቅምት ፳፩ ቀን ፲፱፻፷...» ብለው ቆሙ። የመጨረሻዋ አኃዝ ግማሿ ተልጧል፣ ፮ም ፯ም ትመስላለች። ቢሮው ፯ ብሎ ወስዷታል። የኔታ ግን ከሥር «በዘመነ ማርቆስ» የሚለውን አሳዩኝና ጣታቸውን እያጠፉ አሰሉልኝ። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱ ይደመርና ለ4 ይካፈላል። 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ነው። 1966 ሲሆን 7466 ይመጣል፣ 2 ይተርፋል፤ ማርቆስ። 1967 ቢሆን ኖሮ ሉቃስ ይል ነበር። ስለዚህ አኃዟ ፮ ናት፣ እናቴም ልክ ነበረች።

ሁለተኛው ስሕተት ወደ ፈረንጅ ሲመልሱት የተሠራ ነው፤ በደፈናው 8 ደምረዋል። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪያልቅ የሚደመረው 7 ነው፣ ከዚያ ወዲያ ነው 8 የሚሆነው። ጥቅምት 21 ቀን 1966 ኦክቶበር 31 ቀን 1973 ነው። ሁለቱ ስሕተቶች ተደራርበው አያቴን ሁለት ዓመት አቆዩብን።

ከሁሉ ያመመኝ ግን የክርስትና ስሟ ነው። ሲሚንቶው ላይ «ክ.ስ. ወ/ማርያም» ይላል። «ክ.ስ.» የክርስትና ስም ማለት መሆኑን ሳያውቁ ዘለውታል፣ «ወ/»ን ደግሞ ወልደ ብለው ፈትተው አያቴን ወልደ ማርያም አድርገዋታል። ወልደ ለወንድ ነው፣ ለሴት ወለተ ነው፤ ሲያጥር ግን ሁለቱም «ወ/» ስለሚሆኑ ፈቺው የሟቹን ጾታ ሳያውቅ ሊፈታው አይችልም። መጨረሻ ላይ ያለውን «ነፍሷን ከአብርሃም ከይስሐቅ ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን» የሚለውንም «ገነት ትግባ» በሚል አሳጥረውት ነበር። የኔታ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። «ጸሎት ነው እኮ፣ ያስጻፉት ልጆቿ የአባቶቹን ስም ጠርተው ለምነውላታል፤ ስማቸው አይጣልም» አሉ። ብር ሳወጣ እምቢ ብለው ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ እንድገዛ አዘዙኝ።

እርማቱን ይዤ ወደ ቢሮው ተመለስኩ። ሳይከራከሩኝ ተቀበሉኝ፣ ተጨማሪ ገንዘብም አልጠየቁኝም፤ ይህንን አመሰግናለሁ። ሦስቱ አባቶች በስማቸው ገቡ፣ «ወለተ ማርያም» ተስተካከለ። ጥግ ላይ ጨርሶ የማይነበብ አንድ ቃል ነበር፤ በፊት በግምት ሞልተውት ስለነበር አስፍቄ በማዕዘን ቅንፍ «ያልተነበበ» አስባልኩት። የቢሮውን ሥራ ለመደበኛ ሰነድ አምነዋለሁ። የመቃብር ጽሑፍ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን መጀመሪያ የቤተ ክህነት ሰው ያስነብብ፣ ሟቹ ወንድ ይሁን ሴት በወረቀት ጽፎ ይስጥ፣ የተተረጎመውንም ፊርማ ሳያርፍበት ቤት ላሉ ሽማግሌዎች ያንብብላቸው። ፍሬሙ አሁን እህቴ ሳሎን ተሰቅሏል።